ከስማችን ሥር ያለችው መስመር ለማን ናት?

ለሁለት ዓመት ያህል በምልከው ኢሜይል ሁሉ ግርጌ፣ ከስሜ ሥር፣ እንዲህ የምትል መስመር ነበረች፦ «ሲኒየር ፉል ስታክ ዴቨሎፐር፣ የዲጂታል መፍትሔዎች ባለሙያ፣ ፈጠራ ወዳድ»። ዘጠኝ ቃል ናት። ከዐሥር አላለፈችም፤ ግን ምንም አላለችም።

ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ድረ ገጽ የሠራሁላቸው አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ለወራት ተጻጽፈናል። አንድ ቀን ስንገናኝ ክምችታቸውን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር ሌላ ሰው እየሠራላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። «እኔም እኮ የምሠራው እሱን ነው!» አልኳቸው። «አንተ? የድረ ገጽ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ያቺን መስመር በየኢሜይሉ ሥር አይተዋታል። «ፉል ስታክ» የሚገባው ለእኔ ቢጤ ነው፤ እኔን የሚቀጥረኝ ሰው ደግሞ እንደኔ ዴቨሎፐር አይደለም። ብዙዎቻችን ይህችን መስመር የምንጽፈው ለሥራ ባልደረባ ለመታየት ነው። «መፍትሔ» እንላለን፤ የምን ችግር እንደሆነ አንናገርም። «ሲኒየር» እንላለን፤ ደረጃችን እንጂ ሥራችን አይደለም።

እስኪ የእኔን እናስተካክላት። «ለድርጅቶች ሶፍትዌር እሠራለሁ» ብል፣ የትኛው ድርጅት ነው «ለኔ ነው» የሚለው? «ለመድኃኒት ቤቶች ሶፍትዌር እሠራለሁ» ይሻላል፤ ግን ሶፍትዌሩ ምን ያደርጋል? በመጨረሻ እዚህ ደረስኩ፦ «ለመድኃኒት ቤቶች ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ መድኃኒትን የሚጠቁም ሶፍትዌር እሠራለሁ»። ይህም ዘጠኝ ቃል ነው።

አማርኛ እዚህ ላይ ያግዘናል። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ «ለማን» የሚለው ያለ ትግል ፊት ይቀመጣል፤ አንባቢው በመጀመሪያው ቃል ራሱን ያገኛል። እኛ ግን የእንግሊዝኛውን የማዕረግ ድርድር ገልብጠን ራሳችንን እናስቀድማለን።

«ራስህን አጠበብክ፣ ሌላ ሥራ ያመልጥሃል» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ያመለጠኝ ግን ሰፊ በነበርኩ ጊዜ ነው። መስመሯ ሌላ ሥራ አትከለክልም፤ ኢሜይሉን ያነበበ ሰው እኔን ለማን እንደሚጠቁመኝ ትነግረዋለች እንጂ። በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ደንበኞች ያሉት ሰው በአንድ መስመር ሁለቱንም ልጥቀስ ካለ ያበላሻታል። ጂሜይል ላይ ከአንድ በላይ ፊርማ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሁለት መስመር ጽፎ እንደ ተቀባዩ መምረጥ ነው።

መስመራችሁን ከሙያችሁ ውጭ ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ለአክስታችሁ፣ አንብቡላት። ከዚያ «ይህን ለማን ትነግሪልኛለሽ?» በሏት። የሚያስፈልገውን ሰው ስም ከጠራች በቃ፣ መስመሯ ሠርታለች። «ጎበዝ ነህ» ካለቻችሁ ግን እንደገና ጻፉት።