ማኅተሙ ሌላ፣ እውቅናው ሌላ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ካፌ ቀጥሮኝ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ዲግሪ አለ፣ ትራንስክሪፕት አለ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫ አለ፣ የውጭ ጉዳይ ማኅተም አለ፣ የጀርመንኛ ትርጉም አለ። ስምንት ወር ጀርመንኛ ተምሯል። ለኤጀንሲ ከፍሏል። በአካውንቲንግ የተመረቀው ከአንድ የግል ኮሌጅ ነው፤ ኤጀንሲውም ሲቪውን ለአርባ የጀርመን ድርጅቶች ልኮለታል። ሁለቱ ኢንተርቪው ጠሩት። ሁለቱም በመጨረሻ «ዲግሪህ ጀርመን ውስጥ እውቅና አለው?» ብለው ጠየቁት፤ እሱም በሙሉ ልብ «አዎ፣ ኦተንቲኬት ተደርጓል» አላቸው። ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ።

«አናቢን ላይ ኮሌጅህን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አናቢን ማነው?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም።

እዚህ አገር በየሕንፃው ፎቅ የተከፈቱት የ«ጀርመን ፕሮሰስ» ቢሮዎች ሥራውን የሚጀምሩት ከጭራው ነው፤ ይህንንም አውቀው የሚያደርጉት ይመስለኛል። መጀመሪያ መደረግ ያለበት ነገር ነፃ ነው፣ በስልክ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ኮሚሽንም የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ የቋንቋ ኮርስ፣ ቀጥሎ ትርጉም፣ ቀጥሎ ማኅተም ይሸጣሉ። ዲግሪው እዚያ ምን ተብሎ ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል።

እስቲ ማኅተሞቹን እንያቸው። የባለሥልጣኑ ማረጋገጫ የሚለው ወረቀቱ እውነተኛ ነው፣ ያስተማረህም ተቋም ፈቃድ ነበረው ነው። የውጭ ጉዳዩ ማኅተም ደግሞ ከሱ በፊት ያለው ፊርማና ማኅተም የእውነት ነው ይላል። ሁለቱም ቢሆኑ የአዲስ አበባ አራት ዓመት ትምህርት ከጀርመን ባችለር ጋር ይመጣጠናል አይሉም፤ ማለትም አይችሉም። ያንን የሚወስነው ጀርመን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ ከውጭ ተምሮ ለሚመጣው ሰው እኛም ራሳችን «አቻ ግምት አሠራ» እንለው የለ!

የጀርመኑ ዳታቤዝ anabin.kmk.org ይባላል። የሚያዘጋጀው በጀርመን ክፍላተ ሀገር የትምህርት ሚኒስትሮች ጉባኤ ሥር ያለው፣ በአጭሩ ዛብ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ገጹ በጀርመንኛ ነው፤ ቢሆንም አያስፈራም። አገሩን Äthiopien ብሎ መርጦ የተቋሙን ስም መፈለግ ነው። ከስሙ አጠገብ ከሦስቱ ምልክቶች አንዱ ይታያል። H+ ከሆነ ተቋሙ እንደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ይታወቃል። H- ከሆነ አይታወቅም። H+/- ከሆነ እንደ ሁኔታው ነው፤ አንዱ ዲግሪው ሊታወቅ ሌላው ላይታወቅ ይችላል። ብዙ ሰው ግን H+ ሲያይ በደስታ ስልኩን ይዘጋል። ገና ግማሹ ነው። የዲግሪው ዓይነትም ለብቻው ይፈለጋል፤ እዚያ entspricht ወይም gleichwertig የሚል ቃል ከተገኘ ዲግሪው ከጀርመኑ ጋር ተመጣጣኝ ነው ማለት ነው። bedingt vergleichbar ካለ «በከፊል ይነጻጸራል» ነው፤ ይህ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱ ገጾች አንድ ላይ ሲያልፉ ታትመው ከቪዛው ማመልከቻ ጋር ይያያዛሉ።

የወዳጄን ኮሌጅ አሁን ባለው ስሙ ፈለግነው፣ የለም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከመሆኑ በፊት በነበረው ስሙ ፈለግነው፤ የኛ ተቋማት ስም ስለሚቀያይሩ ይህን ሳይሞክሩ መተው ስህተት ነው። የለም። የኢትዮጵያን ዝርዝር በሙሉ ከፍተን አንድ በአንድ ወረድን። የለም።

ይህ «ተቀባይነት የለህም» ማለት አይደለም፤ ዳታቤዙ ውስጥ አልገባም ማለት ብቻ ነው። መፍትሔውም አለ። ዛብ ራሱ የአንድን ሰው ዲግሪ መርምሮ የአቻነት መግለጫ ይሰጣል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፣ ክፍያው ወደ 200 ዩሮ ገደማ ነው፣ ሰነዱ ከተሟላ በኋላ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ወዳጄ ስምንት ወር ሲማር ይህ ወረቀት ጎን ለጎን ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ለነዚያ ሁለት ድርጅቶች የሚልከው መልስ በእጁ ነበር። መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ የቀረውን ብር ያተርፍ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከዛብም በፊት እዚሁ ማጣራት ያስፈልጋል። በኛ አገር ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው፣ ጊዜም አለው። ዋናው ካምፓስ ፈቃድ ኖሮት ቅርንጫፉ ያለፈቃድ ያስተማረበት ዘመን ላይ የተመረቀ ሰው፣ የጀርመኑን በር ከማንኳኳቱ በፊት የቤቱ በር ተዘግቶበታል።

ነርሶችን ለብቻ ላንሳ፤ ከሁሉም በላይ እየተታለሉ ያሉት እነሱ ናቸውና። ነርስነት ጀርመን ውስጥ በሕግ የተጠበቀ ሙያ ነው። ለነርስ አናቢን ላይ H+ ማግኘትም፣ የዛብ መግለጫም የሥራ ፈቃድ አያስገኙም። የምታመለክተው ልትሠራበት ላሰበችው ክፍለ ሀገር የሙያ እውቅና ባለሥልጣን ነው። እሱም ሥልጠናዋን ከጀርመኑ ጋር ያስተያያል፤ የጀርመኑ 2,100 ሰዓት ንድፈ ሐሳብና 2,500 ሰዓት ተግባር ነው። እዚህ ላይ ነው ትራንስክሪፕታችን የሚያጋልጠን። ክሬዲት አወር ይላል እንጂ በቀዶ ሕክምና ዋርድ ስንት ሰዓት፣ በሕፃናት ዋርድ ስንት ሰዓት አይልም። ያልተጻፈ ሰዓት ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ «ይህ ይህ ይጎድልሻል» የሚል ደብዳቤ ነው፤ ከዚያ ወይ የማሟያ ሥልጠና ወይ የዕውቀት ፈተና ይከተላል። ደብዳቤው ራሱ ክፉ አይደለም፤ በሱ ቪዛ ማግኘትም ይቻላል። ክፉው «ሄደሽ ወዲያው ነርስ ነሽ» ተብላ የሄደች ልጅ የረዳት ደመወዝ ይዛ ስታገኘው ነው። የሰዓት ዝርዝሩን ከሬጅስትራር ማውጣት አዲስ አበባ እያለች ቀላል ነው፤ በውክልና ከሩቅ ሆና ግን ወራት ይበላል።

«ዲግሪ ሳይኖረው የሄደ አለ» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ለአይቲ ባለሙያዎች በቂ የሥራ ልምድ ካላቸው ያለ ዲግሪም መንገድ ተከፍቷል። ከጁን 2024 ጀምሮ ያለው ቻንሰንካርተ የሚባለው የሥራ ፍለጋ ካርድም ዲግሪው በጀርመን ሳይሆን በተሰጠበት አገር መታወቁን ይቀበላል። ኤጀንሲዎቹ ይቺን ዓረፍተ ነገር ይዘው ነው የሚሮጡት። ግን በአገር ቤት መታወቁም የሚረጋገጠው በዚያው በአናቢን ወይም በዛብ በኩል ነው። ካርዱን ይዞ የሄደ ሰውም አንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ሲያገኝ፣ ወደ ባለሙያ ፈቃድ ለመዞር ያው ጥያቄ መልሶ ይጠብቀዋል።

ወዳጄ ኤጀንሲው ዘንድ ሄዶ ነበር። «አትረበሽ፣ ዋናው ቋንቋው ነው፣ ቢ2 ጨርስ» አሉት፤ የቢ2ቱን ክፍያ እነሱ ናቸው የሚቀበሉት። ለእነዚህ ቢሮዎች ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንዲት ትእዛዝ ብቻ ቢያወጣ ይበቃኛል፦ ከደንበኛ አንዲት ብር ከመቀበላቸው በፊት የተቋሙንና የዲግሪውን የአናቢን ገጽ አትመው፣ «አልተገኘም» ከሆነም እሱኑ ጽፈው፣ ደንበኛው እንዲፈርምበት።