እንጀራን ፕሮባዮቲክ አትበሉት

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው እንጀራ ዘርግቶ «አያቶቻችን ፕሮባዮቲክን ከፈረንጅ በፊት ያውቁ ነበር» ይለኛል። ቪዲዮው ሲያልቅ ሊንክ አለ፤ ሊንኩ ሲከፈት ካፕሱል ይሸጣል። መጀመሪያ እንጀራችን ይወደሳል፣ ቀጥሎ ውዳሴው ወደ ጠርሙስ ይገለበጣል። እኔ ከሁለቱም ጋር ጠብ አለኝ፤ ከሁለቱም በላይ ግን «ፈላ፣ ኮመጠጠ፣ ስለዚህ ለሆድ ጥሩ ነው» ከሚለው አስተሳሰብ ጋር።

በ2001 የተባበሩት መንግሥታት የምግብ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የሰበሰቧቸው ባለሙያዎች ለፕሮባዮቲክ ትርጉም ሰጥተዋል። ሲጠቃለል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሕያው ተሕዋስያን ይሁኑ፣ በበቂ መጠን ይወሰዱ፣ ለጤና ጥቅም ያስገኙ። እኔ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ይህ ዓይነቱ ትርጉም ይመቸኛል። ሦስቱም ካልተሟሉ ቃሉ አይሠራም፤ በቃ።

እንጀራው የመጀመሪያውን አያልፍም። ሊጡ ውስጥ እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ሁለት ሦስት ቀን ሲሠሩ ይቆያሉ፤ ይሄ እውነት ነው፣ ቡኮው ሕያው ነው። ከዚያ ግን የጋለ ምጣድ ላይ ይፈስሳል፣ አክንባሎ ይደፋበታል፣ በእንፋሎት ይበስላል። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ውስጥ ብዙ ደቂቃ አይቆዩም፤ እንፋሎት እየወጣለት የተነሳ እንጀራ ደግሞ ከዚያ በጣም አልፏል። ትሪው ላይ የደረሰው የፈላ ምግብ ነው፣ ሕያው ምግብ አይደለም። (ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሞሰቡ ውስጥ ሕይወት ይመለስበታል፣ ግን ያ ሻጋታ ነው።) ቆጮም፣ የቦካ ዳቦም እንደዚያው።

ታዲያ ያ ሁሉ ማቡካት ከንቱ ነው? በፍጹም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። እውነተኛው ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ እያለ የውሸቱን እናወራለን። ጤፍ ውስጥ፣ እንደ ሌሎቹ እህሎች ሁሉ፣ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር ብረትንና ዚንክን ጨምድዶ ይይዝና አንጀታችን ሳይመጣቸው ይዟቸው ይወጣል። ሊጡ ሲኮመጥጥ አሲዱ ፋይቴትን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች እንዲሠሩ ያመቻቻል፤ ፋይቴቱ ሲቀንስ ብረቱና ዚንኩ ይለቀቃሉ። ምጣዱ ባክቴሪያውን ቢገድልም ይህን ሥራ መልሶ አያፈርሰውም፣ ምክንያቱም ሥራው አስቀድሞ አልቋል። ቁም ነገሩ ጊዜው ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ሲቸኩሉ ዱቄቱን በቤኪንግ ፓውደር ወይም በአምቦ ውሃ ዓይነት ጋዝ ባለው ውሃ ያነሱታል፤ ዓይን ያወጣል፣ ያምራል፣ ግን አልቦካም። መለየት ቀላል ነው፦ የቦካ ሊጥ ላይ ቢጫማ ውሃ ይንሳፈፋል፣ ሽታው ይመጣል፣ እንጀራውም ይኮመጥጣል። ዓይኑ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ልብ በሉ፣ ይህ ስለ ብረትና ዚንክ ነው እንጂ ስለ ሆድ መንፋት አይደለም። ሆዱ የሚነፋ ሰው «የቦካ ብላ» ሲባል የተመለሰለት የሌላ ጥያቄ መልስ ነው።

ለሆድ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው እርጎ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ካደግን በኋላ ላክቶስን፣ ማለትም የወተትን ስኳር፣ የሚቆርጠው ኢንዛይም ይቀንስብናል። ያልተቆረጠው ስኳር ቀጭኑን አንጀት አልፎ ትልቁ አንጀት ይገባል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይቀበሉትና ጋዝ ያደርጉታል። ሆድ ይጮሃል፣ ይነፋል፣ አንዳንዴም ይለቃል። ከሚፈጠረው ጋዝ አንዱ ሃይድሮጅን ስለሆነና ከፊሉ በደም አልፎ በትንፋሽ ስለሚወጣ፣ መለካት ይቻላል።

በ1984 አሜሪካ ውስጥ ይህ ኢንዛይም ለጎደላቸው ሰዎች ተመሳሳይ የላክቶስ መጠን አንዴ በወተት፣ አንዴ በእርጎ ሰጥተው ትንፋሻቸውን ለኩ። በእርጎ ጊዜ የወጣው ሃይድሮጅን የወተቱን ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። ምክንያቱ ደስ ይላል። የእርጎው ባክቴሪያዎች የጎደለንን ኢንዛይም በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ። የባክቴሪያው ግድግዳ ኢንዛይሙን ከጨጓራ አሲድ ይጠብቀዋል፤ ቀጭን አንጀት ሲደርሱ ሐሞት ያገኛቸዋል፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ኢንዛይሙ ላክቶሱን ይቆርጣል። አንጀታችን ውስጥ መኖሪያ አልሠሩም፣ «ጥሩ ባክቴሪያ» ሆነው አልሰፈሩም። እግረ መንገዳቸውን አንድ ሥራ ሠርተው ያልፋሉ። እርጎው ከተሠራ በኋላ ቢሞቅ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ «ሕያው» የሚለው ቃል እውነተኛ ሥራ አለው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣንም በ2010 ማስረጃውን በቂ ነው ብሎ የተቀበለው ለዚሁ ነው፤ በአንድ ግራም ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሕያው ባክቴሪያ እንዲኖር ጠይቆ። ያው ተቋም ብዙ ሌሎች የፕሮባዮቲክ ማመልከቻዎችን መልሷል።

ራሳችሁ ላይ መሞከር ይቻላል። ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ወተት ጠጡ፤ በውስጡ ወደ 12 ግራም ላክቶስ አለ። እስከ ሁለት ሦስት ሰዓት ድረስ ሆዳችሁ ምን እንደሚል ጻፉ። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ያንኑ ያህል እርጎ። ወተቱ አስቸግሮ እርጎው ዝም ካለ፣ ችግሩ ላክቶስ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም እኩል ካስቸገሩ ወይም ሁለቱም ምንም ካላደረጉ ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ደም ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሙከራ ተዉና ሐኪም ጋ ሂዱ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው «የገጠሩ እርጎ ይበልጣል» ይላል። ቆይ። በ1984 የተለካው በሁለት የታወቁ ባክቴሪያዎች የተሠራ እርጎ ነው። የእኛው፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ራሱ የሚረጋው፣ በቤቱና በወቅቱ የሚለዋወጥ የባክቴሪያ ድብልቅ ነው፤ ሁሉም ያንን ኢንዛይም በዚያ መጠን አይዙም። ሲረጋ ከላክቶሱ ከፊሉ ስለሚበላ መጠኑ መቀነሱ አይቀርም፣ ከዚያ በላይ ግን የሌላውን ውጤት መዋስ አንችልም። ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ደግሞ ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ይችላል፣ ኮምጣጣነቱም ዋስትና አይደለም። ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ሕያው እርጎ ጨምሮ ማርጋት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል።

የቪዲዮዎቹ ባለቤቶች የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ፤ በ2021 ከስታንፎርድ የወጣው። 36 ጤነኛ ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለ10 ሳምንት እርጎ፣ ከፊር፣ ኪምቺ፣ ኮምቡቻና የመሳሰለውን አበሏቸው። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዛ፣ በደም ውስጥ 19 የብግነት ፕሮቲኖች ቀነሱ። ጥሩ ጥናት ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን በአንድ ቡድን 18 ሰው ያህል ብቻ ነው፣ ሰዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ዋናው ውጤትም ስለ ባክቴሪያ ብዛትና ስለ ብግነት እንጂ ስለ ሆድ ሕመም አይደለም። ከምግቦቹ መካከል ደግሞ ምጣድ ያየ የለም።

አሁን ወደ ካፕሱሉ። ጠርሙሱ ላይ «10 ቢሊዮን» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። አንድ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚሸከመው ባክቴሪያ በ2016 በወጣ ስሌት ወደ 38 ትሪሊዮን ነው፤ 10 ቢሊዮኑ ከ3,800 አንድ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ብቻውን አይሠራም አያሰኝም (የእርጎውን አይተናል)፣ ግን «አንጀትህን ይሞላል» የሚለው ወሬ ፉርሽ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ መጠየቅ ያለበት የዝርያው ሙሉ ስም ነው። «ላክቶባሲለስ» ብሎ ማቆም ላይብረሪውን ጠርቶ ቨርዥኑን አለመናገር ነው፤ አንዱ ቨርዥን ላይ ያለፈ ቴስት ስለ ሌላው ምንም አይነግርም። «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ሲባል ግን ጥናቱን ማየት ይቻላል።

ይኸው ዝርያ ምን ሆነ? ትናንሽ ጥናቶች የሕፃናትን ተቅማጥ ያሳጥራል ብለው ነበር። በ2018 በአሜሪካ 971 ሕፃናት ላይ በትልቁ ሲሞከር ከባዶው መድኃኒት አልተሻለም። በዚያው ዓመት በካናዳ በሌላ ፕሮባዮቲክ የተደረገውም ያንኑ አሳየ። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 መመሪያው እነዚህን አይቶ በእነዚያ አገሮች ለሕፃናት ተቅማጥ እንዳይሰጥ መከረ፤ ለሚቆጣ አንጀት ደግሞ ከጥናት ውጭ አትጠቀሙ አለ። በር የተወለት ለጥቂት ነገር ነው፤ አንዱ አንቲባዮቲክ በሚወሰድበት ጊዜ የተወሰኑ ዝርያዎች ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለውን ከባድ ተቅማጥ ለመከላከል ነው፣ እሱም በደካማ ምክር ደረጃ። «ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀትህን መልስ» የሚለው ምክር ደግሞ ተቃራኒ ማስረጃ ገጥሞታል፦ በ2018 እስራኤል ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ፕሮባዮቲክ የወሰዱት የራሳቸው ባክቴሪያ ለመመለስ ምንም ካልወሰዱት ይልቅ ወራት ዘገየባቸው።

አሜሪካና ካናዳ እኛ አይደለንም፣ የልጆቻችን ተቅማጥ መንስኤም ሊለይ ይችላል የሚል ሰው ትክክል ነው። ግን ይህ ክርክር «አልተሞከረም» ወደሚል እንጂ «ይሠራል» ወደሚል አያደርስም።

ነገሩ የካፕሱል ወሬ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃኗን ተቅማጥ ይዞት ወደ ሰፈር መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለሙያው «የአንጀት ባክቴሪያው ተዛብቷል» ብሎ ውድ የፕሮባዮቲክ ዱቄት ሸጠላት። ኦአርኤስ አልሰጣትም።

«እሱን ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት በስልክ።

«ይሄ ይበልጣል አለኝ እኮ፣ ወንድሜ። ዋጋውስ?»

ተቅማጥ ሕፃንን የሚገድለው ውሃና ጨው በማሟጠጥ ነው፤ ባክቴሪያ «በመዛባቱ» አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ ምክር ኦአርኤስና ዚንክ ነው፦ ዚንኩ በቀን አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን። ጡት ወይም ምግብ አይቋረጥም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። በዚያው ምሽት መኪና ልኬ ኦአርኤሱን ከሌላ መድኃኒት ቤት አስገዛሁላት፤ ዋጋው ከዱቄቱ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ዱቄቱ አሁንም ፍሪጇ በር ላይ ነው፤ «ተከፍሎበታል» ብላ አልጣለችውም። ማሸጊያውን ገልብጬ አየሁት፤ የዝርያ ስም የለውም፣ «20 ቢሊዮን» ብቻ ነው የሚለው።