ከርከዴና የደም ግፊት ክኒን፦ ሳይለካ የሚጨመረው መጠን

የከርከዴ ሻይ የደም ግፊትን ይቀንሳል የሚለው አባባል ዛሬ ከመንደር ወሬ አልፏል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠውታል። ጥያቄው የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሻዩ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ከክኒን ጋር ቢጠጣም ባይጠጣም ለውጥ አያመጣም ነበር። የሚሠራ በመሆኑ ግን ግፊቱን በመድኃኒት እያወረደ ባለ ሰው አካል ውስጥ ሲገባ ሥራውን አያቆምም።

ከርከዴ ተብሎ የሚፈላው የአበባው ቅጠል ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ቀይ ሽፋን ነው። ሱዳንና ግብፅ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ሴኔጋል ቢሳፕ፣ ናይጄሪያ ዞቦ፣ ሜክሲኮ ደግሞ ሐማይካ ብለው የሚጠጡት ሁሉ ይኸው አንዱ ተክል ነው። ስለዚህ በሪያድ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም የሚኖር ኢትዮጵያዊ በዓረብ፣ በሜክሲኮ ወይም በምዕራብ አፍሪካ ሱቅ ገብቶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በኪሎ ሊገዛው ይችላል።

ከጥናቶቹ መካከል ሁለቱ በተለይ ይጠቀሳሉ። በአሜሪካ ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ በ2010 የታተመው ጥናት ግፊታቸው በመጠኑ ከፍ ያለ 65 ሰዎችን አሳትፏል። ግማሾቹ በየቀኑ ሦስት ኩባያ ከርከዴ ለ6 ሳምንታት ሲጠጡ፣ የላይኛው የግፊት ቁጥራቸው በአማካይ በ7 ነጥብ ገደማ ወርዷል። አስመስሎ የተሠራ መጠጥ የተሰጣቸው ግን ከ1 ነጥብ ብዙም አላለፉም። በ2004 የታተመው የሜክሲኮ ጥናት ደግሞ ደፋር ነበር። ሕሙማኑ በሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን በየቀኑ 10 ግራም ደረቅ ከርከዴ በግማሽ ሊትር ውኃ ተዘፍዝፎ ሲሰጠው፣ ሌላው ካፕቶፕሪል የተባለውን ክኒን ወሰደ። ከ4 ሳምንት በኋላ በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

እነዚህ ውጤቶች በማኅበራዊ መገናኛዎች ሲዘዋወሩ አንድ ነገር ይቀራል። የተፍትስ ተሳታፊዎች የግፊት መድኃኒት የማይወስዱ ሰዎች ነበሩ። የሜክሲኮዎቹም ወይ ሻዩን ወይ ክኒኑን ወሰዱ እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አልወሰዱም። ብዙ ሰው ግን ጥናቱን ሰምቶ የሚያደርገው ያልተሞከረውን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ክኒኑን ይውጣል፣ በላዩ ላይ ሻዩን ይጠጣል።

ሁለቱ ለምን እንደሚደራረቡ ለመረዳት መግቢያ በራቸውን ማየት ይበቃል። ሰውነት የደም ሥርን የሚያጠብብ አንጂዮቴንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ያመርታል፤ ምርቱን የሚያከናውነው አንድ ኢንዛይም ነው። ስማቸው «ፕሪል» ብሎ የሚያልቅ ክኒኖች፣ ማለትም ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል፣ ይህን ኢንዛይም ያግዳሉ። በቤተ ሙከራ እንደታየው ለከርከዴ ቀይ መልኩን የሚሰጡት ቀለሞችም ይህንኑ ኢንዛይም ይይዛሉ። ሻዩ በተጨማሪ የደም ሥርን ያላላል፣ ሽንትም ያበዛል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሚያሸና ክኒን በተመለከተ ደግሞ በናይጄሪያ በሙከራ እንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት፣ የከርከዴ ጭማቂ አብሮ ሲሰጥ የሽንቱም መጠን በደም ውስጥ ያለው መድኃኒትም ጨምሯል። እንስሳ ሰው ባይሆንም ምልክቱን ቸል ማለት ግን ብልህነት አይደለም።

«ክኒኑን ጠዋት፣ ሻዩን ከሰዓት በኋላ እወስዳለሁ» የሚለው መላ ችግሩን የማይፈታውም ለዚህ ነው። ሁለቱ የሚገናኙት ጨጓራ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደም ሥርና ኩላሊት ላይ ነው። የአብዛኞቹ የግፊት ክኒኖች ኃይል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል።

ለአብነት በሪያድ የሚኖር አንድ የ58 ዓመት ሰው ይታሰብ። የላይኛው ግፊቱ 150 ነበር፤ ሐኪሙ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አዘዘለት፣ ግፊቱም 128 ላይ ረጋ። የክኒኑ መጠን የተመረጠው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ከዚያ 200 ግራም የከርከዴ ፓኬት ይገዛና በእፍኝ እየዘገነ እያፈላ በ10 ቀን ይጨርሰዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በቀን 20 ግራም፣ ማለትም ከካፕቶፕሪል ጋር የተፎካከረው መጠን እጥፍ ጠጥቷል። በዚህ ላይ የበጋው ሙቀትና ላብ አለ፣ ምናልባትም ጾም። ተቀምጦ ሲለካ 112 ይሆንና ጥሩ ነው ይላል። ሌሊት ለሽንት ድንገት ሲነሳ ግን ዓይኑ ይጨልማል። በዚህ ዕድሜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መውደቅ የዳሌ አጥንት ሊሰብር ይችላል፤ የሰውነት ውኃ ሲያንስ ደግሞ ኩላሊትም ይጎዳል።

እንዲህ ያለውን ነገር የቤት መለኪያ አስቀድሞ ሊያሳይ ይችላል፤ አለካኩ ግን ከተለመደው ይለያል። ለ5 ደቂቃ ተቀምጦ አንዴ መለካት፣ ከዚያ ቆሞ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም ነው። ሲቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ተቀምጦ የታየው ቁጥር ያማረ ቢሆን እንኳ ግፊቱ ከሚገባው በላይ እየወረደ ስለሆነ ለሐኪም መንገር ይገባል። ራስን የሳተ ወይም የወደቀ ሰው ግን ቀጠሮ ሊጠብቅ አይገባውም።

ከመደራረቡ ያላነሰ፣ ምናልባትም የባሰ፣ ስህተት በተቃራኒው አቅጣጫ አለ። ሻዩ ሠራ ብሎ ክኒኑን ማቆም ነው። ክኒን በወሩም በዓመቱም አንድ ዓይነት ሚሊግራም ይይዛል። ከርከዴ ግን እንደ አፈሩ፣ እንደ አደራረቁ፣ በሙቅ ውኃ ውስጥ እንደቆየበት ጊዜ ኃይሉ ይለያያል። ፓኬቱ ሲያልቅ ወይም ሱቁ ሌላ ሲያመጣ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ባለቤቱም ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ሜክሲኮ ውስጥ ቆየት ብሎ ከሊሲኖፕሪል ጋር በተደረገ ንጽጽርም ከርከዴ ግፊትን ቢያወርድም ክኒኑ በልጦታል።

በግብፅ የተስፋፋውና ወደ ሌሎችም የተሻገረው «ትኩሱ ግፊት ያወጣል፣ ቀዝቃዛው ያወርዳል» የሚለው ብሂልም መከላከያ አይሆንም። በጥናቶቹ ግፊትን ያወረደው በፈላ ውኃ የተዘፈዘፈው ከርከዴ ነው፤ ቢቀዘቅዝም ንጥረ ነገሩ ያው ነው። ጎምዛዛነቱን ለማጥፋት የሚጨመረው የስኳር ክምር ለስኳር ሕመምተኛ ሌላ ጣጣ መሆኑም አይዘነጋ።

ይህ ሁሉ ከርከዴን መርዝ አያደርገውም። ክኒን የሚወስድ ሰው አልፎ አልፎ በእንግድነት የሚጠጣው አንድ ስኒ ቤት የሚያፈርስ አይደለም። የሚያሰጋው በየቀኑ፣ በብዛትና ሐኪም ሳያውቅ የሚጠጣው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሕመምተኛው ብቻ አይደለም። ሐኪም «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሻይን የሚቆጥር ሰው የለም፤ «ምን ታፈላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪምም እምብዛም አይገኝም። ሕመምተኛው በቀጣዩ ቀጠሮ የክኒኑን ካርቶን ብቻ ሳይሆን የከርከዴውን ፓኬት ጭምር ይዞ፣ በስንት ቀን እንደሚጨርሰው ቢናገር፣ ከጠዋትና ከማታ የቤት ልኬት ጋር የአንድ ሳምንት መዝገብ ቢያቀርብ፣ ሐኪሙ ሻዩን ማስቀነስ ወይም የክኒኑን መጠን ማስተካከል የሚችልበት ነገር ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ክኒኑ እንደታዘዘው ይቀጥላል፤ ሊቀነስ የሚገባው ሻዩ ነው።