አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የጥር ደመወዝ የካቲት 23 ቀን የገባለት አንድ የወረዳ መምህር እንውሰድ። ስምና ቦታ አያስፈልገውም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም በወላይታ፣ በሃዲያና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ደመወዛቸውን ለሳምንታትና ለወራት የጠበቁ መምህራን ታሪኩን ሲያነቡት የራሳቸው ይመስላቸዋል።

መምህሩ ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ተበድሯል። በየወሩ በ30ኛው ቀን 3,000 ብር ይከፍላል። አሥር ወር ሙሉ አንድ ቀን አላሳለፈም። በአሥራ አንደኛው ወር ግን ጥር 30 ደረሰ፣ ደመወዝ የለም። የካቲት 23 ገባለት፣ በማግስቱ 24 ቀን ሄዶ 3,000 ብሩን ከፈለ። ውሉ ላይ «በጊዜው ላልተከፈለ ገንዘብ በየቀኑ 0.5 ከመቶ ቅጣት» የሚል አንቀጽ አለ እንበል። 0.5 ከመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። በ3,000 ብር ላይ ግን በቀን 15 ብር ነው፤ በ24 ቀን 360 ብር ይሆናል።

በማግስቱ መምህሩ ማመልከቻ ይጽፋል። አብዛኛው ሰው የሚጽፈው አይነት ነው። የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን፣ የኑሮ ውድነቱን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የታመመች እናቱን ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ «በእዳዬ ላይ አስተያየት እንዲደረግልኝ በታላቅ ትህትና እለምናለሁ» ብሎ ይፈርማል። ማመልከቻው ተቀባይነት አያገኝም። የብድር ባለሙያው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። «እዳዬ ላይ አስተያየት» የሚለውን ጥያቄ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ የልጆቹን ቁጥር ደግሞ ፋይል ውስጥ የሚያስገባበት ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ ዋናው ብድር፣ ወለዱና ቅጣቱ። ዋናው ብድር የቆጣቢዎች ገንዘብ ነው፤ ማንም አይምርም። ወለዱ የገንዘቡ ኪራይ ነው፤ ገንዘቡ ተበዳሪው ጋ ለቆየበት ቀን ሁሉ ይታሰባል። ቅጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የተቀመጠው ገንዘብ እያለው የሚያዘገየውን ሰው በጊዜ እንዲከፍል ለመግፋት ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም የብድር ኮሚቴ ሊያነሳው የሚችለውም አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው መጠየቅ ያለበት ቅጣቱን ነው፤ በብር ቁጥሩ፣ 360 ብር ብሎ።

ተቋሙ ከመዘግየቱ ምን አጣ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የብድሩ ወለድ በዓመት 18 ከመቶ ቢሆን፣ 3,000 ብር ለ24 ቀን ሲዘገይ የሚያስቀረው ወለድ ከ36 ብር አይበልጥም። ቅጣቱ የዚህ አሥር እጥፍ ነው። ሆን ብሎ ለሚያዘገይ ሰው አሥር እጥፍ መሆኑ ትርጉም ይኖረዋል፤ ይገፋዋል። ያልተከፈለውን መምህር ግን ወዴት ይገፋዋል? ቅጣቱ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ደመወዙን አንድ ቀን አያስቀድምም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ይህ ማለት ግን መምህሩ መብት አለው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ ይከራከራል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደውን ድንገተኛ ነገር ነው። መክፈልን ከባድ ያደረገ ችግር ሁሉ እዚያ ውስጥ አይገባም። ደመወዝ መዘግየት በተደጋገመበት ወረዳ ደግሞ «አላሰብኩትም» ማለትም ያስቸግራል። በሕግ አንቀጽ የሚያስፈራራ ደብዳቤ ለሕግ ክፍል ይመራል፤ እዚያም ይተኛል። ደብዳቤው ክስም ልመናም ባይሆን ይሻላል። በማስረጃ የተደገፈ ጥያቄ ይሁን፤ እንዲህ ያለ፦

«ጉዳዩ፦ በደመወዝ መዘግየት ምክንያት የተጣለ ቅጣት እንዲነሳ ስለመጠየቅ

በየወሩ በ30ኛው ቀን 3,000 ብር የምከፍል የተቋሙ ተበዳሪ ነኝ። የጥር 30 ክፍያዬን የከፈልኩት የካቲት 24 ቀን ነው። የዘገየሁት የጥር ወር ደመወዜ የካቲት 23 ቀን ስለገባልኝ ነው። ከዚህ በፊት በከፈልኳቸው አሥር ወራት አዘግይቼ አላውቅም።

ስለዚህ የተጣለብኝ 360 ብር ቅጣት እንዲነሳልኝ፣ የከፈልኩት 3,000 ብር በሙሉ ለጥር ክፍያ እንዲያዝልኝና ማስተካከያው ከተደረገ በኋላ የሂሳብ መግለጫ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ለዘገየው ቀን የሚታሰበውን መደበኛ ወለድ እከፍላለሁ።

አባሪ፦ የደመወዝ መዘግየቱን የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ደመወዝ የገባበትን ቀን የሚያሳይ የባንክ መግለጫ፣ የክፍያ ደረሰኝ።»

ሌላ ነገር አያስፈልገውም። ክብደቱ ያለው በሁለት ቀኖች መካከል ነው፤ ደመወዝ የገባው 23፣ የተከፈለው 24። ባለሙያው እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ሲያይ የልጆቹን ቁጥር ሳያነብ ሰውየው ምን አይነት ከፋይ እንደሆነ ይገባዋል። ደመወዙ በገባ በሦስተኛው ሳምንት የከፈለ ሰው ግን ይህንን ደብዳቤ ቢገለብጠውም አያድነውም፤ አባሪው ራሱ ይመሰክርበታል።

«3,000 ብሩ በሙሉ ለጥር ክፍያ ይያዝ» የሚለው ሐረግ ትንሽ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ ነው። በብዙ የብድር ውሎች የገባ ገንዘብ መጀመሪያ ቅጣትን፣ ቀጥሎ ወለድን፣ በመጨረሻ ዋናውን ይከፍላል። መምህሩ 3,000 ብር ሲያስገባ ሲስተሙ 360 ብሩን ለቅጣት ይቆርጥና ለወሩ ክፍያ የሚተርፈው 2,640 ብር ይሆናል። የጥር ክፍያ በ360 ብር ጎደለ ማለት ነው። ሰውየው ከፈልኩ ብሎ ቤቱ ገብቷል፤ ፋይሉ ግን አሁንም «ያለፈበት» ይላል። በዚያች 360 ብር ላይ በቀን 1 ብር ከ80 ሳንቲም እየተቆጠረ ይቀጥላል። ገንዘቡ ቀላል ነው፤ «ያለፈበት» የሚለው ቃል ግን ቀላል አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ብድር ሲጠይቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ስልክ የሚደወልላቸው ዋሶቹም ብዙ ጊዜ የዚያው ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው፤ የእነሱም የጥር ደመወዝ የገባው የካቲት 23 ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የብድሩ ክፍያ ከደመወዝ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። ፋይናንስ ቆርጦ ለአበዳሪው ያስተላልፋል፤ ውሉም ግዴታውም ይኸው ነው። አንዳንዴ ደመወዙ ይከፈላል፣ ተቆራጩም ከፔሮሉ ላይ ይወርዳል፣ ግን ገንዘቡ ለአበዳሪው ሳይተላለፍ ይቆያል። ሠራተኛው ከፍሏል፤ ተቋሙ አልደረሰውም፤ ቅጣቱ የሚጻፈው በሠራተኛው ስም ነው። ይህን ከመጀመሪያው መለየት የሚቻለው ፔሮሉን በማየት ነው። «የብድር ተቀናሽ» በሚለው አምድ ሥር 3,000 ከተጻፈ ገንዘቡ ከሠራተኛው እጅ ወጥቷል። እንዲህ ከሆነ «ይነሳልኝ» ማለት ስህተት ነው፤ ያላጠፋውን ማመን ይሆናል። ደብዳቤው «ሂሳቤ ይስተካከል» ማለት፣ የፔሮሉን ኮፒ ማያያዝና ግልባጩን ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ማድረስ አለበት።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ደመወዙ እንደማይደርስ ጥር 25 ላይ የታወቀ ከሆነ ደብዳቤውም ጥር 25 ላይ መግባት አለበት። ያኔ የሚጠየቀው የመክፈያ ቀኑ እንዲገፋ ነው፤ ያልተጻፈ ቅጣትን ማስቀረት የተጻፈውን ከማስነሳት ይቀላል። ሲገባም በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ተትቶ አይወጣም። መዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ፣ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ያረፈበት ኮፒ በእጅ ይቀራል። «ደብዳቤ አልደረሰንም» ለሚለው መልስ የሚሆነው ያ ኮፒ ብቻ ነው።

አበዳሪዎች የሚያነሱት ክርክር አለ፤ ተራ ሰበብም አይደለም። «ለአንዱ ካነሳን ነገ ሁሉም ይመጣል፤ ገንዘቡም የሌሎች ቆጣቢዎች ነው» ይላሉ። ግን ደመወዝ ሲዘገይ ድሮም የሚዘገየው ለሁሉም ነው። የአንድ ወረዳ ሁለት መቶ መምህራን ሁለት መቶ ማመልከቻ ጽፈው፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተሰልፈው፣ ሁለት መቶ ጊዜ አንድ አይነት ማስረጃ ከሚያያይዙ አንድ መስፈርት ማውጣት ይቀላል። መዘግየቱ በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ከተረጋገጠና ሰውየው ደመወዙ በገባ በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈለ ቅጣቱ ይነሳል፤ ወለዱ ይቀራል። ቆጣቢው ያቺን 36 ብር አላጣም። በአምስት ቀን ያልከፈለውም ቅጣቱን ይከፍላል፤ አላግባብ የሚጠቀም ሰው መግቢያ ቀዳዳ አያገኝም። ደመወዙ የሚገባው በአበዳሪው በራሱ በኩል ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከማንም በፊት የሚያየው አበዳሪው ነው፤ ደንበኛውን ማስረጃ አምጣ ብሎ ማመላለስ ምን ይባላል?

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረበት መምህሩ አይደለም። ደመወዙን ያዘገየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ደመወዝ መክፈል እንዳልቻለ ባወቀ ቀን ሠራተኞቹ ለተበደሩባቸው ተቋማት ሁሉ «የጥር ደመወዝ አልተከፈለም፤ ሲከፈል እናሳውቃለን» የሚል የሁለት መስመር ደብዳቤ ቢልክ ዋጋው የአንድ ቅጠል ወረቀትና የማኅተም ቀለም ነው። ያንን ሁለት መስመር ስላልጻፈ መምህሩ የማስተማሪያ ቀኑን ትቶ ቅርንጫፉ ደጃፍ ላይ ይቆማል። በእጁ የያዘው ወረቀት የሚያስረዳው የሌላ ሰው ጥፋት ነው፤ ከግርጌው ያለው ፊርማ ግን የእሱ ነው።