ብረቱ ጠንካራ ነበር፤ ታዲያ ስለ ምን ተሰበረ?

ጥር 8 ቀን 1935 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1943) ማታ፣ በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ፣ ስኬነክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ ጫኝ መርከብ በወደብ ታስራ ሳለች ከወገቧ ተሰበረች። ማዕበል አልነበረም፤ የመታትም ነገር የለም። በመርከቢቱ ወለል ላይ የነበረው ውጥረት ሲሰላ 68 ሜጋፓስካል ያህል ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ግን መጣመም እንኳ የሚጀምረው ከዚህ 3 እጥፍ በሚበልጥ ውጥረት ነው። በሂሳቡ መሠረት መርከቢቱ መሰበር አልነበረባትም።

እኛ የምሕንድስና ተማሪዎች «ይህ ብረት ምን ያህል ይችላል?» ስንባል ወዲያው አንድ ቁጥር እንጠራለን። ያም ቁጥር ለስላሳ ሆኖ የተሞረደ፣ እንከን የሌለው ናሙና በመሳቢያ መኪና ተጎትቶ የተገኘ ነው። ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ድልድዩም የመኪናውም ሻንሲ እንከን አልባ ናሙና አይደሉምና።

አቡጀዲ ሻጩን ተመልከቱ። ጨርቁን በሁለት እጁ ቢጎትት አይቀደድለትም። ጠርዙን በመቀስ ጥቂት ነካ ካደረገ በኋላ ግን በቀላሉ ሸርጥ ያደርገዋል። የጨርቁ ብርታት አልቀነሰም፤ ነገር ግን የተቆረጡት ክሮች ይሸከሙት የነበረው ኃይል በሙሉ ከመቀሱ ጫፍ ቀጥሎ ባለው ክር ላይ አረፈ። እሱ ሲበጠስ ሸክሙ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በላሜራ ላይ ያለ ስንጥቅም ጫፉ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንግሊዛዊው ግሪፊዝ በ1921 (በአውሮፓ) ባሳተመው ጽሑፉ ነገሩን በጉልበት ሂሳብ አስረዳ። የተወጠረ ላሜራ እንደ ተለጠጠ ጎማ ጉልበት አጠራቅሟል። ስንጥቁ ሲረዝም ከዚህ ጉልበት ከፊሉ ይለቀቃል፤ አዲስ የተሰነጠቀ ገጽ ለመፍጠር ደግሞ ጉልበት ይከፈላል። የሚከፈለው ከስንጥቁ ርዝመት ጋር እኩል ሲያድግ፣ የሚለቀቀው ግን በርዝመቱ ካሬ ያድጋል። ስለዚህ ስንጥቁ ከአንድ ርዝመት ካለፈ ገቢው ከወጪው ይበልጥና ማንም ሳይገፋው በራሱ ይሮጣል። አሜሪካዊው ኧርዊን ኋላ ይህን ለብረት እንዲስማማ አድርጎ አሰፋው። በሰፊ ላሜራ መካከል ላለ ስንጥቅ ቀመሩ ይህ ነው፦

K = σ√(πa)

σ ውጥረቱ፣ a የስንጥቁ ርዝመት ግማሽ ነው። K ብረቱ ሊቋቋመው ከሚችለው ልክ ሲደርስ ላሜራው ይሰበራል።

አሁን ሁለት ብረቶችን እናወዳድር። አንደኛው መጣመም የሚጀምረው በ1500 ሜጋፓስካል፣ ሁለተኛው በ900 ነው እንበል። የመጀመሪያው K እስከ 60፣ የሁለተኛው እስከ 110 ይችላል (መለኪያው ሜጋፓስካል ሲባዛ በሜትር ሥር ነው)። ብዙ ጊዜ ብረት ይበልጥ ሲጠነክር ስንጥቅን የመቻል አቅሙ ስለሚቀንስ ቁጥሮቹ እንግዳ አይደሉም። ሁለቱንም በአቅማቸው እኩሌታ ብንጭናቸው፣ «ደካማው» 38 ሚሊሜትር ስንጥቅ ይዞ ሲቆም፣ «ጠንካራው» በ4 ሚሊሜትር ይሰበራል። አራት ሚሊሜትር ስንጥቅ በቀለም ሥር ይደበቃል። የትኛውን ትገዛላችሁ? እኔ ሁለተኛውን።

ወደ መርከቢቱ እንመለስ። ስንጥቁ የተነሣው ጉድለት ከነበረበት ብየዳ ነው። ብየዳ ሲበርድ በውስጡ የራሱን ውጥረት ትቶ ይቀራል፤ ያም በ68ቱ ውስጥ አልተቆጠረም። ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነበር፤ ያ ዓይነት ብረት ደግሞ ሲበርድ እንደ ብርጭቆ ይሆናል። የካምብሪጇ ኮንስታንስ ቲፐር የእነዚያን ዘመን መርከቦች ብረት መርምራ ያሳየችው ይህን ነው። በሪቬት የተያያዘ መርከብ ቢሆን ስንጥቁ ከአንዱ ላሜራ ጠርዝ ላይ ሊቆም ይችል ነበር። በተበየደው ግን ሁሉም አንድ ወጥ ስለሆነ መንገዱ ክፍት ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ባለፈው ክረምት ለልምምድ በሄድሁበት ጋራዥ ያየሁት ስላልጠፋኝ ነው። የአንድ ከባድ መኪና ሻንሲ ከቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ነበረበት። አለቃው «ይኸ ወፍራም ብረት ነው፣ ምንም አይለው» ብለው ከላዩ አስበየዱትና ቀለም ተቀባ። ውፍረቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ወፍራም ላሜራ በስንጥቁ ጫፍ ላይ እንደ ልቡ ሊለጠጥ ስለማይችል ቶሎ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። መደረግ የነበረበት ብዙ ወጪ የለውም። ቦታውን አጥቦ ቀይ የመመርመሪያ ቀለም መቀባት፣ ጥቂት ቆይቶ ጠርጎ ነጭ ዱቄት መንፋት። ስንጥቅ ካለ ቀዩ መስመር ከነጩ ላይ ይወጣል፤ መጨረሻውም ይታያል። ከዚያ ስንጥቁን እስከ ሥሩ ሞርዶ አውጥቶ መበየድ ነው። ጊዜ ከሌለ በጫፉ ላይ በድሪል ክብ ቀዳዳ መብሳት ለጥቂት ጊዜ ይገታዋል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ከእውነተኛው ጫፍ ወዲህ ከተበሳ ከንቱ ነው።

መኪናው በማግስቱ ጭነት ይዞ ወጣ። ሰሌዳውን ጽፌ ይዣለሁ።