ሲቪው ላይ ያልተጻፈው የእድር መዝገብ

በቅርቡ አንድ አባት ከወገዳ ስልክ ደውለው የሴት ልጃቸውን ሲቪ እንድመለከተው ለመኑኝ። ልጅቷ በ2014 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቃለች። ውጭ አገር ላሉ መሥሪያ ቤቶች ቤቷ ሆና በኢንተርኔት ለመሥራት፣ ማለትም «ሪሞት» ለሚባለው ሥራ፣ ከአርባ ቦታ በላይ አመልክታ ከሁለቱ በቀር መልስ የሰጣት የለም። የሁለቱም መልስ «እናመሰግናለን» የሚል ነው። አባትየው ለላፕቶፑ አንድ በሬ ሸጠዋል። «ምኑ ነው የጎደለው?» አሉኝ።

ሲቪው ደረሰኝ። ሦስት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ፎቶግራፍ፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የቀበሌና የቤት ቁጥር ይዟል። ሁለተኛው ገጽ ላይ «ታታሪ፣ በራሴ ተነሳሽነት የምሠራ፣ ጥሩ የመግባባት ችሎታ ያለኝ፣ ኮምፒውተር የምችል» ይላል። የሥራ ልምድ በሚለው ርዕስ ሥር የሁለት ወር የተግባር ልምምድ ብቻ አለ። ሦስተኛው ገጽ የምስክሮች ስምና ስልክ ነው።

ይህ ሲቪ እዚህ አገር ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ለባንክ ቢገባ ብዙም አያስነቅፍም፤ አብዛኞቻችን የተማርነው እንዲህ አድርገን መጻፍ ነው። ለርቀት ሥራ ግን የመጀመሪያው ገጽ ከነጭራሹ አያስፈልግም። በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ ቀጣሪዎች በአድልዎ እንዳይከሰሱ ስለሚሰጉ የአመልካችን ዕድሜ፣ ሃይማኖትና የጋብቻ ሁኔታ ባያዩ ይመርጣሉ። ስም፣ ኢሜይል፣ ስልክ ከነአገር ኮዱ፣ ከተማና አገር ይበቃል። ዋናው ችግር ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

የርቀት ቀጣሪ ሠራተኛውን በዓይኑ አያየውም። ጠዋት ገብቶ እንደሆን፣ አርፍዶ እንደሆን፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እያንቀላፋ እንደሆን የሚያይ አለቃ የለም። ስለዚህ ሲቪውን ሲያነብ ሦስት ነገር ይፈልጋል። ማንም ሳይቆጣጠረው ሥራውን በቀኑ የሚጨርስ ሰው ነው? ሐሳቡን በጽሑፍ አጥርቶ ያስረዳል? ከሌሎች ጋር በአንድ ፋይል ላይ፣ በኢንተርኔት፣ ሳይጋጭ ሠርቶ ያውቃል? «ታታሪ ነኝ» የሚለው ቃል ለሦስቱም መልስ አይሆንም፤ ሰነፉም ይጽፈዋልና።

አባትየውን «ጋሼ፣ ልጅዎ ከተመረቀች ወዲህ ምን ስትሠራ ቆየች?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን ትሠራለች፣ ቤት ናት እንጂ» አሉ።

ከበስተኋላ የእናትየው ድምፅ መጣ፤ «ኧረ የእድሩን መዝገብ ማን ሆነና የያዘው?»

ነገሩ ሲዘረዘር እንዲህ ሆነ። የሰፈሩ እድር 84 አባላት አሉት፤ በወር 50 ብር ያዋጣሉ። ከአባላቱ የአንዳንዶቹ ልጆች አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሆነው የወላጆቻቸውን መዋጮ ይልካሉ። ልጅቷ በጥር 2015 ዓ.ም. የወረቀቱን መዝገብ ወደ ጎግል ሺትስ አዛወረችው። ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው እንዲጽፉበት፣ ሌላው እንዲያየው ብቻ አደረገች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የወሩን ገቢና ወጪ በአጭሩ ጽፋ በቴሌግራም ትልካለች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መዝገቡን በላፕቶፗ በኤክሴል ቀጠለች፤ ሪፖርቱን በወረቀት አትማ ለስብሰባ አቀረበች፤ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሁሉንም አስገባችው። አንድ ጊዜ የገንዘብ ያዡ ደብተርና ደረሰኞቹ በ1,350 ብር ተለያዩ። ፈልጋ ያገኘችው የሁለት ወር መዋጮ በአንድ ጊዜ የከፈሉ 27 ሰዎች የአንድ ወር ብቻ ተጽፎላቸው እንደነበር ነው። ማንንም ሳታሳጣ ለኮሚቴው በሦስት ዓረፍተ ነገር አስረዳች፤ ተስተካከለ።

ልጅቷ ይህን ያልጻፈችው ደመወዝ ስላልተከፈላት ነው። ለእሷ የሰፈር ነገር ነው፤ ለቀጣሪው ግን ሲፈልገው የነበረው ይኸው ነው። «የበጎ ፈቃድ ሥራ» ተብሎ በግልጽ እስከተጻፈ ድረስ ማንንም ማታለል አይደለም። እናንተ ወላጆችና አያቶች እዚህ ላይ ከማንም የተሻላችሁ ምስክሮች ናችሁ። ልጁ የረሳውን ወይም የናቀውን ታስታውሳላችሁ። የዘመድ ሠርግ ዝግጅት በቴሌግራም ያስተባበረ፣ የሱቁን ዕቃ ቆጠራ በየሳምንቱ የሚመዘግብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የስም ዝርዝር የሚይዝ ልጅ በየቤቱ አለ።

ከዚያ አብረን ጻፍነው። በእንግሊዝኛ የሰፈረው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«የመረዳጃ ማኅበር መዝገብ ያዥ፣ በበጎ ፈቃድ፣ ወገዳ፣ ከጥር 2023 ጀምሮ። የ84 አባወራዎችን መዋጮ ከወረቀት ወደ ጎግል ሺትስ አዛውሬ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር በጋራ እይዛለሁ። በየወሩ በአምስተኛው ቀን የጽሑፍ ሪፖርት እልካለሁ፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ጊዜም ከመስመር ውጭ በመሥራት ሪፖርቱ አልታጎለም። የ1,350 ብር ልዩነት ምንጩን አግኝቼ በጽሑፍ አስረድቻለሁ።»

እድር የሚለውን ቃል እንዳለ ብንተወው የውጭ ሰው አይገባውም ነበርና «የመረዳጃ ማኅበር» አልነው። «በራሴ ተነሳሽነት የምሠራ» የሚለው ሐረግ የትም የለም፤ አንባቢው ግን ራሱ ይደርስበታል። የኢንተርኔቱ መቋረጥም አልተደበቀም። አንዳንድ ልጆች «ያልተቆራረጠ ኢንተርኔት አለኝ» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ በሁለተኛው ሳምንት የሚጋለጥ ነገር ነው። ሲቋረጥ ምን እንደምታደርግ መጻፍ ይሻላል።

የዘመኑን ነገር አስተውላችኋል? ጥር 2015 በፈረንጆቹ ጥር 2023 ነው። በፊት በነበረው ሲቪ ላይ ልጅቷ የተመረቀችበትን ዓመት «2014» ብላ ነበር ያሰፈረችው። ቀጣሪው በራሱ አቆጣጠር ሲያነበው ልጅቷ ከተመረቀች ስምንት ዓመት ተጨማሪ ሥራ ፈታ የተቀመጠች ይመስለዋል። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ይጨመራል። ዲግሪው ላይ ካለው ቀን ጋር ማመሳከር ነው።

ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ሲቪው ግርጌ ላይ «ስላክ፣ ትሬሎ፣ ዙም፣ ጎግል ዶክስ፣ አሳና» የሚል ረጅም ዝርዝር ነበረ። «ስንቱን ነው የምታውቂው?» ብላት ዙምንና ጎግል ዶክስን ብቻ አለች። ሌላውን ከሌላ ሰው ሲቪ ቀድታው ነው። ይህ አደገኛ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ትሬሎ ላይ ካርድ ለሰው የምትመድቢው እንዴት ነው?» ቢሏት ያልቅላታል። ከስም ዝርዝር ይልቅ በመሣሪያው ምን እንደተሠራ መጻፍ ይበልጣል። ለምሳሌ ጎግል ዶክስ ላይ የሌላውን ጽሑፍ ሳያጠፉ ማሻሻያ የሚያቀርቡበት «ሰጀስቲንግ» የሚባል አሠራር አለ፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚታይበት የቀድሞ ቅጂዎች መዝገብም አለ። እነዚህን የተጠቀመ ሰው በጋራ መሥራትን ያውቃል። ትሬሎን በነፃ መክፈት ስለሚቻል ከወንድሟ ጋር የእድሩን ዓመታዊ ስብሰባ ዝግጅት በእሱ እንዲያስኬዱት መከርኳት። ከዚያ በኋላ ቢጻፍ እውነት ነው። «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በሚባለው አገር አቀፍ ሥልጠና ወስደው ምስክር ወረቀት ላገኙ ልጆችም የምለው ይኸው ነው፤ ከወረቀቱ ሥር በትምህርቱ የሠሩትን አንድ ነገር ያስቀምጡ።

የጽሑፍ ችሎታ ግን በሲቪ መስመር ብቻ አይታይም፤ ናሙና ይፈልጋል። ልጅቷ ለአዲሱ ገንዘብ ያዥ መዋጮ እንዴት እንደሚመዘገብ የምታስረዳ አንድ ገጽ መመሪያ በአማርኛ ጽፋ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ መለሰችውና የማስፈንጠሪያ አድራሻውን ሲቪው ላይ አኖረች። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የአባላት ስም፣ ስልክና የከፈሉት ገንዘብ በናሙናው ላይ እንዳይታይ በፈጠራ ስም ይተካ፤ የጎረቤት ምስጢር ነው። ሁለተኛው፣ ፋይሉ አድራሻውን ላገኘ ሁሉ እንዲታይ መከፈት አለበት። ካልተከፈተ ቀጣሪው ሲጫነው «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ ይመጣበታል፤ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። የእሷም በመጀመሪያ ተዘግቶ ነበር፤ ያወቅነው በአባቷ ስልክ ስንሞክረው ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። ከአርባዎቹ ማመልከቻዎች አንዱ «ለምዝገባ» ገንዘብ ጠይቋት ነበር፤ ደግነቱ እናቷ ከለከለቻት። ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሠራተኛው አስቀድሞ ገንዘብ አይቀበልም። የመታወቂያ ኮፒና የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ከማመልከቻ ጋር አይላክም፤ ውል ሲፈረም ነው።

አሁን ሲቪው አንድ ገጽ ተኩል ሆኗል፤ በፒዲኤፍ ተቀምጧል። የቀረው የሥራ ሰዓት ነበረ። ቀጣሪው በየትኛው ሰዓት እንደሚያገኛት ማወቅ ይፈልጋልና UTC+3 ብለን የእኛን ሰዓት ቀጠና ጻፍን። ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር አደረግነው፤ «ከ2 ሰዓት ጀምሮ» ብትል ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ወይም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መስሏቸው ይጠብቃሉ። ኒውዮርክ ላይ ጠዋት ሥራ ሲገባ፣ በእነሱ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፣ ወገዳ በበጋቸው ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ በክረምታቸው አሥራ አንድ ሰዓት ይሆናል። ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀይሩ ነው። ልጅቷ ከቀኑ አሥር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት እገኛለሁ ብላ ልትጽፍ አሰበች። ይህን ከመጻፏ በፊት ግን ቤተሰቡ መስማማት ነበረበት፤ ቡና የሚፈላው፣ እንግዳ የሚመጣው፣ እራት የሚቀርበው በዚያው ሰዓት ነውና። አያቷ «እንግዲያ ቡናውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እናምጣው» አሉ። ሲቪው ላይ የመጨረሻው መስመር የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።