ሌሊቱ ደመወዙ ውስጥ የለም

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በጋላባት በኩል እስከ ገዳሪፍ በሚዘልቀው የሰሊጥ መስመር ላይ ዘበኛ ሲቀጠር በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ አባባል አለ፦ «የሌሊቱ ደመወዙ ውስጥ ገብቷል»። ባለመጋዘኑ አንድ ቁጥር ይጠራል፣ ተቀጣሪው ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ በኋላ ሂሳብ የሚባል ነገር አይነሳም። እኔ የምቃወመው ይህንን ነው። አባባሉ ሕጋዊ መሠረት የለውም። የሌሊት ሥራን ዋጋ ከቁጥር አውጥቶ በግምት ውስጥ ስለሚደብቅም ዘበኛው የቀረበትን እንኳ እንዳያውቅ ያደርገዋል።

ክርክሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ኅዳር ነው እንበል። ሰሊጡ ተወቅቶ በኩንታል እየተሞላ መተማ ዮሐንስ ወዳለ መጋዘን ይገባል። ለምሳሌ ያህል የያዝነው ዘበኛ መነሻ ደመወዙ በወር 6,240 ብር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ይገባል፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይወጣል፤ በሳምንት ስድስት ሌሊት ይሠራል። በወሩ ውስጥ 26 መደበኛ ሌሊት አለው፤ አንድ እሑድ ደግሞ ተተኪው ስለቀረ በእረፍት ቀኑ ገብቷል። ባለመጋዘኑ «የሌሊቱን ጨምሬ» ብሎ 8,000 ብር ቆርጦለታል፤ ሁለቱም ለጋስ ክፍያ ነው ብለው ያምናሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የአንድ ሰዓት ዋጋ ስንት ነው የሚለው ነው። ብዙ ክርክር የሚበላሸው ገና እዚህ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል። 48ን በ52 ሳምንት አባዝተን ለ12 ወር ብናካፍል 208 ሰዓት ይወጣል፤ የወር ደመወዝ የሚገዛው ይህንን ያህል ሰዓት ነው። 6,240ን ለ208 ስናካፍል አንዱ ሰዓት 30 ብር ይሆናል። ደመወዙን ለ30 ቀን፣ ከዚያም ለ8 ሰዓት የሚያካፍሉ ግን አሉ። በዚህ መንገድ አካፋዩ 240 ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ ዋጋ ወደ 26 ብር ይወርዳል። ይህ ዘበኛው እሑድንም እንደሠራ አስመስሎ በማይሠራበት ሰዓት ማካፈል ነው። በአንድ ሰዓት የጎደለችው 4 ብር ትንሽ ትመስላለች፤ በኋላ በእያንዳንዱ ትርፍ ሰዓት ላይ እየተባዛች ትመጣለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የትርፍ ሰዓቱ መደብ ነው። ዘበኛው ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ስምንት ሰዓቱን የሚጨርሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያሉት አራት ሰዓቶች ትርፍ ናቸው። የአዋጁ አንቀጽ 68 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን ሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ደግሞ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን ለሚሠራ በ2 ያባዛል። የእኛ ዘበኛ አራት ሰዓት ሙሉ በሙሉ 1.75 ውስጥ ይወድቃል። ግን ትርፉን ከፈረቃው መጀመሪያ ቆጥረው፣ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ያለውን ትርፍ ብለው በ1.5 የሚያሰሉ ሂሳብ ሠሪዎች አሉ። ትርፍ ማለት ስምንቱ ከሞላ በኋላ የሚመጣ ነውና ይህ አያስኬድም። 1.5 የሚለው ቁጥር ከድሮም የተወረሰ ሊሆን ይችላል፤ በ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 የሌሊት ትርፍ ሰዓት የሚባዛው በ1.5 ነበር። ያ አዋጅ ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል።

አሁን እንደምረው። 26 ሌሊት በ4 ሰዓት 104 ትርፍ ሰዓት ነው። 104ን በ30 ብር፣ ከዚያም በ1.75 ብናባዛ 5,460 ብር ይመጣል። የእሑዱ 12 ሰዓት በ30 ብር፣ ከዚያም በ2 ሲባዛ 720 ብር ነው። 6,240፣ 5,460 እና 720 ሲደመሩ ግብር ከመቀነሱ በፊት የወሩ ክፍያ 12,420 ብር ይሆናል። ለጋስ የተባለው 8,000 ብር ከሕጉ 4,420 ብር ያንሳል። በ240 ያካፈለና በ1.5 ያባዛ ሂሳብ ሠሪ ቢሆን ደግሞ እሑዱን በ2 አስቦለትም ድምሩን 10,920 ላይ ያቆመዋል። በወረቀት ላይ ሁሉም ነገር የተሰላ ይመስላል፣ ዘበኛው ግን 1,500 ብር አጥቷል። እንዲህ ያለው ስህተት ከጥቅል ክፍያው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሂሳብ ስላለው ሰው ያምነዋል።

የባለመጋዘኖችን መልስ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው «ዘበኛ ይተኛል» የሚለው ነው። አዋጁ ግን የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ቢያንኳኳ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ኩንታል ቢጎድል የሚጠየቀውም እሱ ነው። ለኃላፊነቱ ሲሆን ነቅቷል፣ ለክፍያው ሲሆን ተኝቷል ማለት አይቻልም። ሁለተኛው መልስ «ተስማምቶ ፈርሟል» የሚል ነው። ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ ጥቅም በታች የሚወርድ ስምምነት ቢፈረምም አያስገድድም።

ሦስተኛው መልስ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ «ይህን ያህል መክፈል አልችልም» የሚለው። እዚህ ላይ የሕጉ ሐሳብ ራሱን ይገልጣል። ሁለት ዘበኞች በየሌሊቱ ስድስት ስድስት ሰዓት ቢጠብቁ፣ እያንዳንዳቸውም ሙሉውን 6,240 ብር ቢያገኙ፣ ወጪው 12,480 ብር ነው። ለአንዱ ዘበኛ በትክክል ከተከፈለው 12,420 የሚበልጠው በ60 ብር ብቻ ነው፤ አሠሪው ለሁለተኛው ሰው የሚያዋጣው የ11 በመቶ ጡረታ 686 ብር ገደማ ይጨመርበታል። ማባዣው የተቀመጠው አሠሪው አንዱን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከማስቀመጥ ይልቅ ሁለተኛ ሰው መቅጠር እንዲቀለው ነው። የትርፍ ሰዓቱን ክፍያ «ደመወዙ ውስጥ አለ» ብለን ስናጠፋው ይህ ግፊት አብሮ ይጠፋል፤ አንድ ሰው የሁለት ሰው ሌሊት ይሸከማል፣ ሌላው ሥራ ፈልጎ ድንበር ይሻገራል። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ማድረጉንም ልብ ይሏል። የእኛ ዘበኛ በሳምንት 24 ትርፍ ሰዓት ይሠራል፤ ትክክለኛው ክፍያ ቢሰጠው እንኳ አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው። ክፍያው ይህን ጥፋት አያጸዳውም፤ ጥፋቱም ክፍያውን አያስቀርም።

ያው ዘበኛ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ መጋዘን ቢጠብቅስ? የ1997 የፈረንጆች ዓመት የሱዳን የሥራ ሕግም በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል። ትርፍ ሰዓትን በአዘቦት ቀን በ1.5፣ በበዓል በ2 ያባዛል፤ ለሌሊት የተለየ ማባዣ የለውም። 104ቱ ሰዓት በ30 ብር ተመን ቢታሰብ 4,680 ብር ይሆናል፣ ከመተማው በ780 ያንሳል። ሕጉ ደግሞ የእርሻ ሠራተኛውን በአብዛኛው ከጥበቃው ያወጣዋል፤ የሚያካትተው መሣሪያ የሚያንቀሳቅሱና የሚጠግኑትን የመሳሰሉትን ነው። ስለዚህ ትራክተር ነጂው ሕግ ሲኖረው አጠገቡ ሰሊጥ የሚያጭደው ወገናችን የለውም። በዚያ ላይ ሂሳቡ ወቅቱ ሲያልቅ ይደረጋል ተብሎ የሚቆይበት ልማድ አለ። በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት አንድ ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2016 በጥቁር ገበያ ከ2,000 አልፏል። የዘገየ ክፍያ በዚያ አገር ሙሉ ተከፈለ በተባለበት ቀን እንኳ ተቆርጦ የሚደርስ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ሕግ አልምረውም። ብዙ ሰው «የሌሊት ሥራ በ1.75 ይከፈላል» ብሎ ያምናል፤ ትክክል አይደለም። 1.75 የትርፍ ሰዓት ማባዣ ነው። ዘበኛችን ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚሠራቸው አራት ሰዓቶች ሌሊት ናቸው፣ ግን መደበኛ ስለሆኑ አንድ ሳንቲም አይጨመርባቸውም። በወር 104 ሰዓት ነው፤ ከትርፉ ጋር እኩል የሆነ ሌሊት። ልክ 8 ሰዓት ብቻ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ የማበጠሪያ ማሽን ሠራተኛ ደግሞ ከቀን ባልደረባው ምንም ብልጫ የለውም። በ1990 የፈረንጆች ዓመት የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት የሌሊት ሥራ ስምምነት ቁጥር 171 ለሌሊት ሠራተኛ በሰዓት፣ በክፍያ ወይም በመሰል ጥቅም ማካካሻ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም ሱዳንም አላጸደቁትም። ታንዛኒያ በ2004 የፈረንጆች ዓመት ባወጣችው ሕግ በሌሊት ለሚሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት የመነሻ ደመወዙን 5 በመቶ ታስጨምራለች። 5 በመቶ ትንሽ ነው፤ በእኛ ዘበኛ 104 ሰዓት ላይ 156 ብር ነው። ግን ሌሊት ከቀን የተለየ መሆኑን በፔሮል ላይ ይጽፋል። አዋጁ እስኪሻሻል የሠራተኛ ማኅበራት ይህን በኅብረት ስምምነት ሊያስገቡት ይችላሉ፤ የሚከለክላቸው ሕግ የለም።

የወረዳው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ መጋዘን ሲገባ የሚጠይቀው የደመወዝ መጠኑን ብቻ መሆን የለበትም። መግቢያና መውጫ ሰዓቱ፣ አካፋዩ፣ ማባዣው በመዝገቡ ላይ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ክፍያው እንዴት እንደተሰላ መዝግቦ መያዝ የአሠሪው ግዴታ ነው። ዘበኛው ደግሞ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ይጻፍ፣ እሑዱንም ለይቶ ያስፍር። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል። በኅዳር መጨረሻ መከፈል የነበረበት 4,420 ብር ከግንቦት በኋላ ቢጠየቅ ሰሚ አያገኝም።